የወር ክፍያው ቀነሰ፣ ዕዳውስ?

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለችኝ። ለምድጃና ለሊጥ ማቡኪያ ማሽን ከባንክ ተበድሬ ነበር፤ መያዣው የእናቴ ቤት ነው። ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ተቆፍሮ ደንበኛ ሲጠፋ ስድስት ወር ሳልከፍል ቀረሁ። መክፈል ሳቆም 1,000,000 ብር ዋና ብድርና 36 ወር ይቀረኝ ነበር። ወለዱ 16 በመቶ፣ የወር ክፍያው 35,157 ብር፣ የመዘግየት ቅጣቱ 3 በመቶ ነው። አሁን መንገዱ አልቆ ገበያው ተመልሷል፤ ሁሉን ከፍዬ በወር 27 ሺህ ብር ገደማ ይተርፈኛል።

ባንኩ ደብዳቤ ሰጠኝ። «የተጠራቀመ ወለድና ቅጣት ብር 95,000 ከዋናው ብድር ጋር ተደምሮ፣ በ18.5 በመቶ ወለድ፣ በ72 ወራት፣ በየወሩ ብር 25,285 እንዲከፍሉ ተፈቅዷል» ይላል። 1 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም አለው። በሰባት ቀን ውስጥ ፈርሚ ተብያለሁ። ወንድሜ «በወር አሥር ሺህ ብር ቀነሱልሽ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይላል። እኔ ግን የሆነ ነገር አልዋጥልኝ አለኝ። እማዬም መፈረም አለባት፤ ስድስት ዓመት እንደሆነ አልነገርኳትም። በሚቀጥለው ሳምንት 100,000 ብር እቁብ ይደርሰኛል፤ ዱቄት ልገዛበት አስቤ ነበር። ልፈርም?

ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

እህቴ፣

ያልተዋጠልሽ ነገር አለ፤ ደግሞም ደብዳቤው ላይ በቁጥር ተጽፏል። ወንድምሽ አልዋሸም። እሱ ያየው አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ሌሎቹን ሳታያቸው አትቀሪም፤ ግን አንድ ላይ ሆነው ምን እንደሚሠሩ ያስረዳሽ የለም። ሻይሽን ይዘሽ ወረቀቱን ፊትሽ ዘርጊውና አብረን እናንብበው።

ከሁሉ በፊት ስለ ሰባቱ ቀን ልበልሽ። የደረሰሽ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ አይደለም። «በዚህ ሁኔታ ብትከፍይ ተስማምተናል» የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳብ ደግሞ መልስ ይሰጥበታል። ይህን ስልሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ ማለቴ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ያለው ደግሞ የእማዬ ቤት ነው። ስለዚህ በሰባቱ ቀን ውስጥ መልስ ይግባ። መልሱ ግን ፊርማ ብቻ መሆን የለበትም፤ በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄም መልስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያበርታሽ። ባንኩም ይህ ጉዳይ እንዲያልቅ ይፈልጋል። 90 ቀን ያለፈው ብድር በብሔራዊ ባንክ ደንብ የተበላሸ ብድር ይባላል። 180 ቀን ሲሞላው ወደባሰ ደረጃ ይወርዳል፤ ባንኩም ለመጠባበቂያ ብዙ ገንዘብ መያዝ አለበት። አንቺ ስድስት ወር ሞልተሻል። ቤት በሐራጅ መሸጥ ለእነሱም ጣጣ ነው። የምትከፍል፣ ገበያዋ የተመለሰ ደንበኛ ይሻላቸዋል። አንገትሽን ደፍተሽ ልመና የምትገቢ አይምሰልሽ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከወር ክፍያው አትጀምሪ። ከ95,000 ብሩ ጀምሪ፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው እሱን ነው።

ደብዳቤው «ወለድና ቅጣት» ብሎ አንድ ላይ ጠቅልሎታል። እንለያየው። አንድ ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ በዓመት 160,000 ብር ይወልዳል። በስድስት ወር 80,000 ብር ማለት ነው። ባንኮች በቀን ስለሚያሰሉት ጥቂት መቶ ብር ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ከ95,000 ላይ 80,000 ሲነሳ 15,000 ብር ይቀራል፤ ይህ ቅጣቱ ነው። 15,000 ብር ከየት መጣ? 3 በመቶ የአንድ ሚሊዮን ብር 30,000 ነው፤ የዚያ ግማሽ ዓመት 15,000። ቅጣቱ የተሰላው በጠቅላላው ቀሪ ብድር ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን የድሮውን የብድር ውልሽን አውጪና ስለ ቅጣት የሚለውን አንቀጽ አንብቢ። «ጊዜው ባለፈበት ክፍያ ላይ» ይላል ወይስ «በቀሪው ብድር ላይ»? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጊዜው ያለፈው ገንዘብ ያልከፈልሻቸው ስድስት ክፍያዎች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው አምስት ወር ዘግይቷል፣ ሁለተኛው አራት ወር፣ እያለ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ገና አሁን ደረሰ። በእነዚህ ላይ 3 በመቶ ሲሰላ 1,318 ብር ገደማ ነው። ውልሽ ይህንኛውን ካለ ከ13,000 ብር በላይ አለአግባብ ተጨምሮብሻል። ሁለተኛውን ካለም ቅጣት ባንኩ ሊተወው ከሚችለው ነገር ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ጠይቂ።

ቀጥሎ «ከዋናው ብድር ጋር ተደምሮ» የምትለዋ ቃል። ከዛሬ ጀምሮ ዋና ብድርሽ አንድ ሚሊዮን አይደለም፤ 1,095,000 ብር ነው። ወለዱ ራሱ ወለድ ይወልዳል። አንቺ የዳቦ ሰው ነሽና ይገባሻል፦ ትላንት የተረፈው ሊጥ ለዛሬው ሊጥ እርሾ ሆነ። እስከ መጨረሻው ድረስ እነዚያ 95,000 ብር ብቻቸውን በወር 2,194 ብር ያስከፍሉሻል። በ72 ወር 157,968 ብር። ማለትም 95,000ን ራሱን ስትመልሺ በላዩ 62,968 ብር ትጨምሪያለሽ።

ይህን በሌላ መንገድ ብነግርሽ የበለጠ ይገባሻል። የመጀመሪያው ወር 25,285 ብር ስትከፍዪ 16,881 ብሩ ወለድ ነው። ዋናውን የሚነካው 8,404 ብር ብቻ ነው። ድሮ ከምትከፍዪው 35,157 ውስጥ ዋናውን የሚቀንሰው 21,824 ብር ነበር። በአዲሱ አከፋፈል ዋና ብድርሽ ከአንድ ሚሊዮን በታች የሚወርደው በ11ኛው ወር ነው። ወደ አንድ ዓመት ሙሉ እየከፈልሽ፣ ዛሬ ያለሽበት ቦታ ላይ ትደርሻለሽ።

ሁለተኛው ቁጥር ወለዱ ነው። 16 የነበረው 18.5 ሆኗል። ሁለት ተኩል በመቶ ትንሽ ይመስላል። ሌላው ሁሉ ሳይነካ ወለዱ 16 ላይ ቢቆይ የወር ክፍያሽ 23,753 ብር ይሆን ነበር። ልዩነቱ በወር 1,532 ብር፣ በ72 ወር 110,000 ብር ገደማ ነው። ለምን እንደጨመረ ጠይቂ። አንዳንዴ ባንኩ ለሁሉም ደንበኛ ወለድ አሳድጎ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መደራደሩ ይከብዳል። አንዳንዴ ግን ማስተካከያ ስለጠየቅሽ ብቻ የተጨመረ ነው፤ ያኔ የድሮውን እንዲያቆዩልሽ መጠየቅ ያስኬዳል። ደግሞም ወለዱ 18.5 ላይ ይቆማል ወይስ ይንቀሳቀሳል? አዲሱ ውል ላይ «ባንኩ የወለድ መጠኑን በማንኛውም ጊዜ ሊለውጥ ይችላል» የሚል መስመር ፈልጊ። ካለ፣ 25,285 የሚለው ቁጥር የዛሬ ቁጥር ነው፤ የስድስት ዓመት ቃል አይደለም።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። እውነት ለመናገር ወንድምሽን ያስደሰተው ቅናሽ በሙሉ የመጣው ከዚህ ነው። ወለዱ ጨመረ፣ ዋናው ጨመረ፣ ክፍያው ግን ቀነሰ። ይህ የሚሆነው ጊዜው ሲረዝም ብቻ ነው። የቀረሽ 30 ወር ነበር፤ አሁን 72 ሆኗል።

አሁን አጠቃላዩን እንደምረው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የድሮውን ሙሉ ብድር ከአዲሱ ጋር ያወዳድርና ይሳሳታል። ትክክለኛው ማወዳደሪያ «ከዛሬ ጀምሮ ከኪሴ ስንት ይወጣል?» የሚለው ነው። ዛሬ ውዝፉን በሙሉ ብታስተካክዪ 135,385 ብር የዋና ብድር ውዝፍ፣ 80,000 ብር ወለድ፣ 15,000 ብር ቅጣት፣ ድምሩ 230,385 ብር ትከፍያለሽ። ከዚያ 30 ወር በየወሩ 35,157 ትቀጥያለሽ። ሁሉም ሲደመር 1,285,095 ብር ነው። በአዲሱ ደብዳቤ ደግሞ 72 ጊዜ 25,285 ይሆናል 1,820,520 ብር። የአገልግሎት ክፍያው 10,950 ብር ሲጨመርበት 1,831,470 ብር። ልዩነቱ 546,375 ብር ነው።

አትደንግጪ። ይህ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ከስድስት ዓመት በኋላ የምትከፍዪው 25 ሺህ ብር እንደዛሬው 25 ሺህ ብር አይከብድም፤ የዳቦ ዋጋ ራሱ የት እንደነበረ አንቺ ታውቂያለሽ። ከሁሉ በላይ ደግሞ 230 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት አትችይም። ከ27 ሺህ ብር ትርፍ ላይ 35 ሺህ መክፈልም አትችይም። የድሮው መንገድ ለአንቺ ተዘግቷል። ስለዚህ ማስተካከያ ያስፈልግሻል። ጥያቄው ይህኛው ማስተካከያ ነው ወይስ ትንሽ የተሻለ የሚለው ነው።

ቁጥሮቹን በእኔ ቃል እንዳታምኚ፤ ስልክሽ ላይ የኤክሴል ወይም የጎግል ሺትስ ገጽ ከፍተሽ ይህን ጻፊ፦

```
=PMT(18.5%/12,72,-1095000)
```

25,285 ይሰጥሻል። ወለዱን፣ ወሩን፣ ዋናውን እየቀየርሽ የፈለግሽውን ሞክሪ። ባንኩ የሰጠሽ ቁጥርና ይህ በብዙ የሚለያዩ ከሆነ ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው፤ ኢንሹራንስ ሊሆን ይችላል፣ የእፎይታ ጊዜ ወለድ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ክፍያም ሊሆን ይችላል። የአንቺው ልክ ገጥሟል፤ እዚህ ላይ ጥሩ ነው።

አሁን ስለ እቁብሽ እናውራ፤ እኔን በጣም የሳበኝ እሱ ነው።

ከ100,000 ብሩ 80,000 ብር የተጠራቀመውን ወለድ በጥሬ ገንዘብ ብትዘጊ፣ ቅጣቱም ቢነሳልሽ፣ ዋናው አንድ ሚሊዮን ላይ ይቆያል። ወለዱ እንደተባለው 18.5 ይሁን። ጊዜውን ግን ከ72 ወደ 60 ወር እናሳጥረው። የወር ክፍያው ስንት የሚሆን ይመስልሻል? 25,666 ብር። ባንኩ ካቀረበልሽ የሚበልጠው በ381 ብር ብቻ ነው። ከ80,000ውና ከ10,000 ብር የአገልግሎት ክፍያ ጋር አጠቃላይ የምታወጪው 1,629,960 ብር ይሆናል። ከደብዳቤው 201,510 ብር ያንሳል። አንድ ዓመትም ቀድመሽ ትገላገያለሽ።

ቅጣቱን አንነሳም ቢሉ እንኳን 15,000ው ብቻ ዋናው ላይ ተደምሮ በ60 ወር 26,051 ብር ይመጣል። አሁንም ከ27 ሺህ በታች ነው። እቁቡን ሳትነኪ ጊዜውን ብቻ ወደ 60 ወር አሳጥሩልኝ ብትዪ ግን 28,105 ብር ይመጣብሻል። ያ አቅምሽ አይደለም፤ እሱን አትጠይቂ።

ግን ዱቄቱስ? እዚህ ላይ እኔ ልወስንልሽ አልችልም፤ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ዱቄት አልቆብሽ ገዢ የምትመልሺበት ቀን አለ? ካለ፣ ያ ዱቄት ተጨማሪ ዳቦ፣ ተጨማሪ ትርፍ ነው። ዋናው ላይ የሚደመር 80,000 ብር በ18.5 በመቶ መጀመሪያ ላይ በወር 1,233 ብር ወለድ ያስወጣል። ዱቄቱ ከዚያ በላይ *አዲስ* ትርፍ በየወሩ ካመጣልሽ፣ ዱቄቱን መግዛት ያዋጣል፤ በድፍረት ግዢ። ነገር ግን አሁንም የጋገርሽው ሁሉ ተሸጦ፣ የሚያስፈልግሽን ዱቄት በየሳምንቱ እያገኘሽ፣ የምትገዢው «ዋጋ ሳይጨምር ላስቀምጥ» ብለሽ ከሆነ ወለዱን መዝጋቱ ይሻላል እላለሁ። በዱቤ የሚሰጥሽ የዱቄት ነጋዴ ካለማ ጭራሽ ቀላል ነው።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። 27 ሺህ ተርፎሽ 25,666 ከከፈልሽ የምትተነፍሺበት 1,334 ብር ብቻ ነው። ምድጃው አንድ ቀን ቢበላሽ አለቀ። ዳግመኛ ብትዘገዪ ደግሞ ሁለተኛ ማስተካከያ እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ እኔ ብሆን የምመርጠው ይህን ነው፦ ጊዜው 72 ወር ይቆይ፣ ወለዱን ግን በእቁቡ ዝጊው። ቅጣቱ ከተነሳልሽ ግዴታሽ በወር 23,091 ብር ብቻ ይሆናል። ከዚያ በደህናው ወር አንቺ በራስሽ ፈቃድ 25,666 ክፈዪ። በየወሩ ከቻልሽ ብድሩ በ60 ወር ያልቃል፤ የሚያስወጣሽም ያው 1,629,960 ነው። ገበያ የቀዘቀዘ ወር 23,091 ከፍለሽ ታልፊያለሽ፤ ማንም አይጠራሽም። ምንም ሳትጨምሪ 72ቱንም ወር በ23,091 ብትሄጂ እንኳን ጠቅላላው 1,752,552 ብር ነው፤ ከደብዳቤው 78,918 ብር ያንሳል።

ይህ የሚሠራው ግን ሁለት ነገር ከተሟላ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ውሉ ቀድሞ መክፈልን የሚቀጣ አንቀጽ እንዳይኖረው። ካለ እንዲወጣ ጠይቂ፤ የድሮው ውልሽም ላይ ሊኖር ይችላልና እዩት። ሁለተኛ፣ የምትጨምሪው ገንዘብ ዋናው ብድር ላይ መዋሉ። ባንኩ የወሩን ክፍያ ብቻ ቆርጦ ትርፉ ሂሳብሽ ላይ ዝም ብሎ ሊተኛ ይችላል። «ይህ ትርፍ ለዋና ብድር መቀነሻ ይዋልልኝ» ብለሽ በጽሑፍ ማዘዝ አለብሽ። በየስድስት ወሩም የብድር ሂሳብ መግለጫ ጠይቀሽ ቀሪው ዋና ብድር በእርግጥ መውረዱን አረጋግጪ።

ስለ እማዬ ደግሞ። ያልነገርሻት ለምን እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። ስድስት ወር ሳትከፍዪ መቅረትሽ ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ ቤቷ ስድስት ዓመት ይታሰራል ብለሽ መንገር ይከብዳል። ግን እህቴ፣ ባንክ ሄዳ ከባለሙያው አፍ ብትሰማውስ? ወይም ሳትሰማ ፈርማ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «ቤቴ ነፃ አልወጣም እንዴ?» ብትል? ብድሩ ከመዘግየቱ በላይ የሚያሳዝናት ያ ነው። ቀላል አድርገሽ ንገሪያት፦ ዛሬ ስንት ዕዳ እንዳለ፣ በወር ስንት እንደምትከፍዪ፣ ቤቱ መቼ እንደሚለቀቅ። ሦስት ቁጥር ይበቃል። ወንድምሽም አብሮ ይቀመጥ። ይህችን የ201,510 ብር ልዩነት ስታሳዪው «ፈርሚ» ማለቱን ይተዋል፤ እንዲያውም ቅርንጫፍ አብሮሽ ይሄዳል ብዬ እገምታለሁ።

ባንክ ስትሄጂ የቃል ጥያቄ ይዘሽ አትሂጂ። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይወስንም፤ ጉዳዩ ወደ ብድር ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴ ደግሞ የሚያነበው ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይበቃል። በግምት እንዲህ ብትጽፊው፦

«በቁጥር … በተጻፈልኝ ደብዳቤ የቀረበውን የብድር ማስተካከያ በመርህ ተቀብያለሁ። ሆኖም (1) የተጠራቀመው ወለድ 80,000 ብር ዋናው ላይ ሳይደመር በጥሬ ገንዘብ ገቢ ለማድረግ ዝግጁ ስለሆንኩ ዋና ብድሩ 1,000,000 ብር ሆኖ እንዲቀጥል፤ (2) 15,000 ብር የመዘግየት ቅጣቱ በምን ላይ ተሰልቶ እንደመጣ በዝርዝር እንዲገለጽልኝ፣ በሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት በነበረው የመንገድ ሥራ ምክንያት የደረሰ መዘግየት በመሆኑም እንዲነሳልኝ፤ (3) የወለድ መጠኑ በቀድሞው 16 በመቶ እንዲቆይልኝ፤ (4) ያለ ቅጣት ቀድሜ መክፈል እንድችል በውሉ እንዲካተትልኝ እጠይቃለሁ።»

አራቱንም አይሰጡሽም ይሆናል። ሦስተኛውን ብዙ ተስፋ አታድርጊበት። የመጀመሪያውንና አራተኛውን ግን አጥብቀሽ ያዢ። በጥሬ ገንዘብ ወለድ ልክፈል የሚል ደንበኛን ባንክ በቀላሉ አይመልስም። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አስገቢና አንዱ ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስደርጊ። ሰባቱ ቀን ሳያልቅ መልስ መስጠትሽን የሚያስረዳልሽ እሱ ነው። ካልመለሱልሽ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል፣ እሱም ካልሆነ ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ትችያለሽ።

የዘነጋሁት የመሰለኝ አንድ ነገር አለ፤ ቀኑን። ደብዳቤው ላይ 95,000 ብሩ «እስከ» መቼ እንደተሰላ እዪ። ብድሩ በየቀኑ 438 ብር ወለድ ይቆጥራል። ኮሚቴው መልስ እስኪሰጥ 20 ቀን ቢፈጅ 8,767 ብር ይጨምራል፤ እሱም በፊርማው ቀን ሳይነግሩሽ ዋናው ላይ እንዳይገባ። ከእቁቡ 80,000ና 10,000 ሲወጣ የሚተርፍሽ 10,000 ብር ለዚህ ትሁንሽ፤ ዱቄት ላይ አትጨርሻት።

ሲፈቀድ አዲሱን ውል ብቻ ተቀብለሽ አትፈርሚ። የ72ቱን ወር የአከፋፈል ሰንጠረዥ አትመው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። መጀመሪያ የመጀመሪያውን መስመር እዪ፤ መነሻው 1,000,000 ብር ነው ወይስ 1,095,000? ከዚያ የመጨረሻውን፤ ዜሮ ላይ ያልቃል ወይስ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ክፍያ ተቀምጧል? የአገልግሎት ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ እሱም ዋናው ላይ ገብቷል? የመያዣው ውል ከተሻሻለ በስንት ብር እንደተመዘገበ አንብቢና ለእማዬ ንገሪያት። ሰንጠረዡ የውሉ አካል ሆኖ ይያያዝ፤ ገጽ በገጽ ፈርሙበት። ቅጂውን ደግሞ ዳቦ ቤት አታስቀምጪው፤ እማዬ ጋ ይቀመጥ።